ሁለት ምስክር ያላት ቅንጣት

በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ በሚባል ደረቅ ኮረብታማ አገር፣ ጠጠርና አሸዋ ተጣብቆ የጠነከረ ዐለት አለ። ወንዝ ያመጣው ደለል ተጠቅጥቆ ዐለት ከሆነ 3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አልፎታል። በሆዱ የያዛቸው አንዳንድ ቅንጣቶች ግን ከእርሱ በብዙ ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይመን ዋይልድ የተባለ የጂኦሎጂ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ስለ አንዲት እንዲህ ያለች ቅንጣት ጽፎ ነበር። ቅንጣቷ ዚርኮን የሚባል ማዕድን ናት፤ ርዝመቷ ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ አይበልጥም። የተለካላት ዕድሜ 4.404 ቢሊዮን ዓመት ሲሆን የስህተቱ ወሰን 8 ሚሊዮን ዓመት ነው። መሬት ራሷ የተፈጠረችው ከ4.54 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ስለሆነ፣ ቅንጣቷ የተወለደችው መሬት ገና ጨቅላ ሳለች ነው ማለት ነው።

ይህን የሚሰማ ሰው «ማን ቆሞ ቆጠረው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም በእምነት የሚዋጥ አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ ሊመረመር ይችላል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም። ይህች ማዕድን ዕድሜዋን ስትናገር ቃሏ ተዛብቶ እንደሆነም አብራ መናገሯ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

መነሻው ዩራኒየም ነው። የዩራኒየም አቶም ኒውክሊየስ ከባድና ያልተረጋጋ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ከራሱ ላይ ቅንጣት አስፈንጥሮ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ያም ያልተረጋጋ ስለሆነ እንደገና ይለወጣል፤ በመካከሉ ቶሪየም፣ ራዲየምና ሬደን እየሆነ ይወርድና በመጨረሻ እርሳስ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እርሳስ የተረጋጋ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ለውጥ የለም። አንድ የተወሰነ አቶም መቼ እንደሚፈርስ ማንም ሊተነብይ አይችልም፤ አሁን ሊፈርስ ይችላል፣ ከቢሊዮን ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። ብዛታቸው በቢሊዮንና በትሪሊዮን ሲቆጠር ግን ከመካከላቸው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንቱ እንደሚፈርስ በእርግጠኝነት ማስላት ይቻላል። ለውጡ የሚካሄደው በኒውክሊየሱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዐለቱ ቢሞቅ፣ ቢቀዘቅዝ፣ በተራራ ክብደት ቢጨፈለቅ ወይም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ቢዋሃድ ፍጥነቱ አይለወጥም።

ይህ ፍጥነት የሚገለጸው በግማሽ ዕድሜ ነው። ግማሽ ዕድሜ ማለት ከነበሩት አቶሞች ግማሾቹ እስኪፈርሱ የሚወስደው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አንድ ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ ግማሹ ካለቀ፣ ሁለተኛው ሲያልፍ ሁሉም የሚያልቅ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም፤ በሁለተኛው ጊዜ የሚፈርሰው የቀረው ግማሽ ነው። ስለዚህ ሩብ ይቀራል፤ በሦስተኛው ስምንተኛ፣ በአራተኛው ዐሥራ ስድስተኛ እያለ ይቀጥላል።

ዩራኒየም በተፈጥሮ የሚገኘው በዋናነት በሁለት ዓይነት፣ በሁለት አይሶቶፕ ነው። ዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜው 4.47 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ መጨረሻው እርሳስ 206 ይሆናል። ዩራኒየም 235 ደግሞ በጣም ይፈጥናል፤ ግማሽ ዕድሜው 704 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን መጨረሻው እርሳስ 207 ነው። የ4 ቢሊዮን ዓመት ግማሽ ዕድሜ ተጠብቆ አልተለካም፤ የተለካው በመቁጠር ነው። አንድ ግራም ንጹሕ ዩራኒየም 238 በየሰከንዱ 12,400 ገደማ አልፋ ቅንጣቶችን ይረጫል። በአንድ ግራም ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ ይታወቃል፤ በሰከንድ ስንቱ እንደሚፈርስ በመሣሪያ ይቆጠራል፤ ከሁለቱ ግማሽ ዕድሜው ይሰላል።

እንግዲህ በአንድ ማዕድን ውስጥ የቀረውን ዩራኒየምና የተጠራቀመውን እርሳስ ለክቶ፣ ያ እርሳስ እስኪጠራቀም ስንት ዓመት እንደወሰደ ማስላት ይቻላል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ልክ የሚሆነው ሁለት ነገሮች እውነት ከሆኑ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ማዕድኑ ሲፈጠር በውስጡ እርሳስ አልነበረም፤ ከነበረም ስንት እንደነበር ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዩራኒየምም ሆነ እርሳስ አልወጣም፣ አልገባም። ይህን ሁለተኛውን ሁኔታ ዝግ ሥርዓት ይሉታል።

ተፈጥሮ ዝግ ነገር እምብዛም አትወድም። ውሃ በስንጥቅ ይገባል፤ የምድር ውስጥ ሙቀት አቶሞችን ከቦታቸው ያንቀሳቅሳል። ሥርዓቱ የሚዘጋበት ጊዜም ወሳኝ ነው፤ ስሌቱ የሚነግረን ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ያለውን ዕድሜ ብቻ ስለሆነ ነው። ለዚህ ከእኛው አገር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የአፋሩ ሐዳር ዝነኛዋ ሉሲ (ድንቅነሽ) የተገኘችበት ስፍራ ነው፤ የእርሷ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው በዩራኒየም ሳይሆን በአርገን ነው። ፖታሲየም 40 ሲፈርስ ከፊሉ አርገን ይሆናል፤ አርገን ደግሞ ጋዝ ነው። እሳተ ገሞራ አመድ ሲተፋ፣ በቀለጠው ዐለት ውስጥ የነበረው አርገን አምልጦ ይወጣል፤ የአመዱ ማዕድናት ከቀዘቀዙ በኋላ ግን አዲስ የሚፈጠረው አርገን ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ቆጠራው ፍንዳታው በደረሰበት ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። የሉሲ ዕድሜም የታወቀው ከአፅሟ በላይና በታች ካሉ የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ማዕድን በኋላ እንደገና ቢሞቅ አርገኑ ያመልጣል፤ ዕድሜውም ከእውነቱ አንሶ ይታያል። ለ3 ሚሊዮን ዓመት አመድ ይህ ብዙ አያሰጋም። ተራሮች ተነስተው የፈረሱበትን፣ ምድር ደጋግማ የተቃጠለችበትን 4 ቢሊዮን ዓመት ላለፈ ማዕድን ግን ከዚህ የጸና ያስፈልጋል።

ዚርኮን የሚመረጠው ለዚህ ነው። ዚርኮን ከዚርኮኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ ማዕድን ሲሆን፣ በተለይ እንደ ግራናይት ያሉ ዐለቶች ከቅልጥ ሁኔታ ቀዝቅዘው ሲረጉ በትንንሽ ክሪስታል መልክ ይፈጠራል። ክሪስታሉ ሲያድግ የዩራኒየም አዮን በዚርኮኒየም ቦታ ሊገባ ይችላል፤ ሁለቱም አራት አራት ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፣ ዩራኒየሙ በመጠን የሚበልጠው በ20 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። እርሳስ ግን አይመችም። ቻርጁ ሁለት ብቻ ነው፤ መጠኑም ከዚርኮኒየም በግማሽ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ክሪስታሉ ዩራኒየምን ተቀብሎ እርሳስን በር ላይ ይመልሳል። በአንድ ኪሎ ዚርኮን ውስጥ ከጥቂት አስር እስከ ጥቂት መቶ ሚሊግራም ዩራኒየም ይገኛል፤ ሲወለድ የያዘው እርሳስ ግን ከቁጥር የማይገባ ነው። ከዚያ በኋላ በውስጡ የሚገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል እዚያው የተፈጠረ ነው። እርሳሱ ጤናማ በሆነ ክሪስታል ውስጥ ተንቀሳቅሶ እንዲወጣ ሙቀቱ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መድረስ አለበት። በዚያ ላይ ዚርኮን ጠንካራ ነው። ግራናይቱ በዝናብና በንፋስ ተሸርሽሮ አሸዋ ሲሆን ዚርኮኑ ሳይሟሟ ይቀራል፤ ወንዝ ይወስደዋል፣ በሌላ ዐለት ውስጥ ይቀበራል። የጃክ ሂልሷም ቅንጣት የደረሰችን በዚህ መንገድ ነው።

ሆኖም የሚለካው እርሳስ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ዚርኮን ይለኩ ነበር። ጆርጅ ቲልተን ዩራኒየሙን፣ ክሌር ፓተርሰን እርሳሱን። የቲልተን ቁጥር ትክክል ሲሆን የፓተርሰን ግን ሁልጊዜ ከሚጠበቀው በጣም እየበዛ አስቸገረ። ምክንያቱ በኋላ ተገኘ፤ እርሳሱ ከአየሩ፣ ከአቧራው፣ ከመስታወት ዕቃውና ከኬሚካሉ እየገባ ነበር። ፓተርሰን ቤተ ሙከራውን እጅግ ንጹሕ ማድረግ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1956ም ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን ለክቶ የመሬትን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ አሳተመ። ያ በየቦታው የሚያገኘው እርሳስ ከመኪና ቤንዚን እንደሚመጣ ሲረዳም፣ በቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመሩ እንዲቀር ለብዙ ዓመታት ተሟግቷል።

ዛሬ ባዕድ እርሳስ መግባቱን የሚያጋልጥ መንገድ አለ። እርሳስ 204 የተባለው አይሶቶፕ ከዩራኒየም አይወለድም። ስለዚህ በዚርኮን ውስጥ ከተገኘ ከውጭ የመጣ ወይም ከመጀመሪያው የነበረ ነው፤ ከእርሱ ጋር ስንት እርሳስ 206 እና 207 አብሮ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ያ ይቀነሳል። የተገኘው ብዙ ከሆነ ደግሞ መለኪያው ይጣላል።

ወደ ጃክ ሂልስ እንመለስ። ዐለቱ ይፈጫል፣ በውሃ ይታጠባል፤ ዚርኮን ከተራ አሸዋ በጣም ስለሚከብድ በከባድ ፈሳሽ ውስጥ ሲጨመር አሸዋው ይንሳፈፋል፣ እርሱ ይሰጥማል። በማግኔት የሚሳቡት ተለይተው ይወጣሉ። የቀሩት በማይክሮስኮፕ እየታዩ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማሉ፣ በሙጫ ላይ ተደርድረው ግማሽ አካላቸው እስኪገለጥ ይሞረዳሉ። ከዚያ በኤሌክትሮን ጨረር ሲመቱ ያበራሉ፤ ብርሃኑ የክሪስታሉን የዕድገት ንብርብር ያሳያል። ይህ ደረጃ መዘለል የለበትም፤ አንዲት ቅንጣት አሮጌ እምብርትና በኋላ የበቀለ አዲስ ቅርፊት ሊኖራት ስለሚችል ነው። ሁለቱን ደባልቆ የለካ ሰው የማንንም ያልሆነ ዕድሜ ያገኛል። ቦታው ከተመረጠ በኋላ የኦክስጅን አዮን ጨረር ይተኮስበታል፤ ጨረሩ የሚያርፍበት ነጥብ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሦስት መቶኛ አይበልጥም። ተፈንጥረው የሚወጡትን አቶሞች መሣሪያው በክብደታቸው ለይቶ ይቆጥራል። ለዚህ ሥራ የተለየውን መሣሪያ የሠሩት በካንቤራ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ኮምፕስተንና ቡድኑ ናቸው።

አሁን ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ለቀላልነት ቅንጣቷ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ሆናለች እንበል። ያ ከዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜ ትንሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሲጀመር ከነበሩ 1,000 የዩራኒየም 238 አቶሞች 505 ያህሉ ይቀራሉ፤ 495ቱ እርሳስ 206 ሆነዋል። ፈጣኑ ዩራኒየም 235 ግን ከስድስት ግማሽ ዕድሜ በላይ አልፎታል፤ ከ1,000 አቶሞቹ የቀሩት 13 ብቻ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ክሪስታል ውስጥ ቢኖሩም አንዱ ሌላውን አይጠይቅም፤ ፍጥነታቸው የተለያየ፣ ልጆቻቸውም የተለያዩ ናቸው። ዳኛ ሁለት ምስክሮችን ለየብቻ አቁሞ እንደሚጠይቅ፣ ተመራማሪውም ሁለቱን ጥንዶች ለየብቻ ያሰላል። ሁለቱም 4.4 ካሉ፣ ክሪስታሉ ዝግ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ዝግ ባይሆንስ? በቅርብ ዘመን ውሃ ገብቶ ከእርሳሱ 30 ከመቶ ይዞ ወጣ እንበል። ሁለቱ የእርሳስ ዓይነቶች በኬሚካዊ ጠባይ አንድ ስለሆኑ የሚወጡት በእኩል መጠን ነው። ስሌቱ ሲሠራ ዩራኒየም 238 ዕድሜውን 3.36 ቢሊዮን ዓመት ይላል፤ ዩራኒየም 235 ደግሞ 4.04 ቢሊዮን ይላል። ቃላቸው ተለያየ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው ሰው እርሳስ እንደጠፋ በዚህ ወዲያው ያውቃል። ከዚህም በላይ፣ ሁለቱ እርሳሶች በእኩል መጠን ስለወጡ በመካከላቸው ያለው ንጽጽር አልተነካም። ለ4.4 ቢሊዮን ዓመት ክሪስታል እርሳስ 207 ለ206 ሲካፈል 0.557 ገደማ ነው፤ እርሳሱ ከመጥፋቱ በፊትም በኋላም ያው ነው። ስለዚህ ሁለቱን እርሳሶች ብቻ በማነጻጸር እውነተኛውን ዕድሜ መልሶ ማግኘት ይቻላል። አንድ ጥንድ ብቻ ያላቸው ዘዴዎች ይህን ማድረግ አይችሉም።

ነገሩ የሚወሳሰበው እርሳሱ የጠፋው በቅርቡ ሳይሆን በጥንት ዘመን ከሆነ ነው። ያን ጊዜ ከጥፋቱ በኋላ አዲስ እርሳስ ስለሚጨመር ንጽጽሩም ይዛባል፤ ዕድሜውን ያሳንሰዋል። ለዚህ መውጫውን እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳየው ጆርጅ ዌዘሪል ነው። ከአንድ ዐለት ብዙ ቅንጣቶች ተወስደው የሁለቱ ጥንዶች ውጤት በአንድ ግራፍ ላይ ይቀመጣል። እርሳስ ያልጠፋባቸው ሁሉ በአንድ የታወቀ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ያርፋሉ። የጠፋባቸው ከመስመሩ ወጥተው በቀጥታ ይሰለፋሉ፤ ያ ቀጥተኛ መስመር ጠመዝማዛውን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። የላይኛው መቁረጫ የትውልዳቸውን ዘመን፣ የታችኛው ደግሞ አደጋው የደረሰበትን ዘመን ያመለክታል።

እርሳስ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከተጎዳ ክፍል ነው። ዩራኒየም የበዛበት የክሪስታል ክፍል በራሱ ጨረር እየተመታ ይፈራርሳል፤ ውሃም የሚገባው በዚያ ነው። ጄምስ ማቲንሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ዘዴ ይህን ድክመት ራሱን ይጠቀማል። ዚርኮኑ በ900 ዲግሪ አካባቢ ለቀናት ይጋገራል፤ ከዚያ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሲዘፈዘፍ የተጎዳው ክፍል ቀድሞ ይሟሟል። የሚለካው የተረፈው ጤናማ ክፍል ነው።

ለጃክ ሂልስ ቅንጣቶች ግን ከዚህ የረቀቀ ጥርጣሬ ተነሣ። እርሳሱ ከክሪስታሉ ሳይወጣ በውስጡ ተንቀሳቅሶ በአንዳንድ ቦታ ቢጠራቀምስ? ጨረሩ ያረፈው እርሳስ በተጠራቀመበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ የተገኘው ዕድሜ ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል። ጥርጣሬው ትክክለኛ ነበር፤ መልሱም አቶሞችን በየቦታቸው አንድ በአንድ ማየት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ጆን ቫሊና ባልደረቦቹ ይህንኑ አደረጉ። ከዚያው ስፍራ የተገኘች ሌላ ቅንጣት ወስደው አቶሞቿን በሦስት አቅጣጫ በሚያሳይ መሣሪያ መረመሩ። እርሳሱ በእርግጥ ተጠራቅሞ ነበር፤ የክምችቶቹ ስፋት ግን 10 ናኖሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺኛ ነበር። ዕድሜ የሚለካው ጨረር ከዚያ በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚሸፍን ክምችቱንና ዙሪያውን አንድ ላይ ይቆጥራል። በዚህ መጠን ሥርዓቱ ዝግ ነበር፤ የቅንጣቷም ዕድሜ 4.374 ቢሊዮን ዓመት መሆኑ ጸና። ክምችቶቹ ራሳቸው ሌላ ነገር ተናገሩ፤ በውስጣቸው ያለው የእርሳስ 207 እና 206 ንጽጽር 1.2 ሆኖ ተገኘ። ይህ የሚሆነው እርሳሱ ክሪስታሉ ከተወለደ በኋላ አንድ ቢሊዮን ዓመት ያህል ሲፈጠር ቆይቶ፣ ከ3.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሙቀት ከተጠራቀመ ነው። ለጥርጣሬ የተነሣው ነገር የክሪስታሉን ታሪክ አንድ ተጨማሪ ምዕራፍ አስነበበ።

የዚህ ሁሉ ወሰን ግን መታወቅ አለበት። የዚርኮን ዕድሜ የዚርኮኑ እንጂ የያዘው ዐለት ዕድሜ አይደለም፤ 4.404 ቢሊዮን ዓመት የሆናት ቅንጣት የተቀመጠችው በ3 ቢሊዮን ዓመት ዐለት ውስጥ ነው። ዐለቱን ራሱን ለመለካት ዚርኮኑ ከዐለቱ ጋር አብሮ የተፈጠረ መሆን አለበት። በሰሜን ካናዳ አካስታ የሚባለው ዐለት እንዲህ ያለ ዚርኮን ስላለው ዕድሜው 4.03 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ታውቋል። በዚያው በካናዳ፣ በሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኑቩአጊቱክ የሚባል ሌላ ዐለት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ዕድሜው 4.28 ቢሊዮን ዓመት ነው ተባለ። ያ ዐለት ግን ከባዛልት የመጣ ዓይነት ነው፤ ባዛልት ደግሞ ከቅልጡ ሲረጋ ዚርኮን እምብዛም አይሠራም። ስለዚህ የተለካው ሳማሪየምና ኒዮዲሚየም በሚባሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ነው። ቁጥሩ የዐለቱን የተወለደበትን ዘመን ይሁን ወይስ የቅልጡን ምንጭ የቆየ ታሪክ የሚያሳይ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም። ከዐለቱ ጋር አብሮ የተወለደ ዚርኮን እስካልተገኘ ድረስ፣ በእኔ ፍርድ፣ የጥንታዊነቱ ሥፍራ የአካስታ ሆኖ ይቆያል።